ጨጨብሳውን ማን ያዘዋል? የአንድ የቱሉ ዲምቱ ካፌ የቁርስ ሜኑ

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ ካፌ ከከፈትኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው አይጠፋም። ግን ሁሉም እንቁላል ፍርፍር ወይ ፉል ነው የሚያዘው። ጥሩ የሚያተርፉኝ ምግቦች ሜኑ ላይ ተጽፈው ይቀራሉ። አሁን ሜኑውን እንደ አዲስ ላሳትም ነው። ምን ብዬ ብጽፍ ነው ሰው ጓጉቶ እነሱን የሚያዝልኝ? የአሁኑን ሜኑ ፎቶና የአንድ ሳምንት የቁርስ ሽያጭ ልኬልዎታለሁ።»

መልስ፦ ፎቶውንም ሽያጩንም አይቻለሁ። ሜኑው ላይ 46 ዓይነት ነገር አለ። ሁሉንም እንነካካ ብንል አንዱንም በደንብ አንይዘውም። ስለዚህ የቁርሱን ክፍል ብቻ ልውሰድ። ስድስት ምግብ ነው፦ እንቁላል ፍርፍር፣ ፉል፣ ፍርፍር፣ ፈጢራ፣ ጨጨብሳና ቅንጬ።

ከቃላቱ በፊት «ጥሩ የሚያተርፉኝ» ያሏቸው የትኞቹ እንደሆኑ መለየት አለብን። ብዙ የካፌ ባለቤት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በመቶኛ ያስባል። ቅንጬን እንይ። 150 ብር ይሸጡታል። ክኩና ቅቤው 45 ብር ቢፈጅ፣ ወጪው የዋጋው 30 በመቶ ብቻ ነው። ጨጨብሳን ደግሞ 240 ብር ይሸጡታል። ዱቄቱ 15፣ ቅቤው 40፣ ማሩ 30፣ በርበሬና ቅመሙ 10፣ በድምሩ 95 ብር ይፈጃል እንበል። ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። በመቶኛ ካየነው ቅንጬ ይበልጣል። ኪራይና ደመወዝ የሚከፈለው ግን በብር ነው። ከአንድ ሰሃን ቅንጬ እጅዎ ላይ የሚቀረው 105 ብር ነው፤ ከአንድ ሰሃን ጨጨብሳ 145። ደንበኛዎ ጠዋት አንድ ቁርስ ነው የሚበላው። ያቺ አንድ ሰሃን ስንት ብር ጥላልዎት ትሄዳለች? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ይህን ቁጥር «ቀሪ» እንበለው። ከዋጋው ላይ የጥሬ ዕቃው ወጪ ብቻ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ውስጥ አይገቡም። ሰውየው ፉል በላም ጨጨብሳ በላም እነሱ ያው ናቸው። ቫት የሚሰበስቡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቫቱን ያውጡ፤ ያ ገንዘብ የእርስዎ አይደለም። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ያካተተ ከሆነ 15 በመቶ አይቀንሱለት፣ ለ1.15 ያካፍሉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከታች የምጠቀምባቸውን ዋጋዎች ከቫት ውጪ እንደሆኑ አድርጌ ወስጃለሁ። የወጪዎቹን ቁጥሮች የገመትኳቸው እኔ ነኝ። እርስዎ የራስዎን ሚዛንና የራስዎን ገበያ ይዘው ይተኳቸው።

እንቁላል ፍርፍር 180 ብር ነው። ሦስት እንቁላል፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዳቦ ተደምሮ 90 ብር ይፈጃል፤ ቀሪው 90። ፉል 170 ነው፣ 60 ይፈጃል፣ ቀሪው 110። ፍርፍር 160 ነው፣ 70 ይፈጃል፣ ቀሪው 90። ፈጢራ 250 ነው፣ 110 ይፈጃል፣ ቀሪው 140። የጨጨብሳንና የቅንጬን አይተናል።

አሁን ከሽያጩ ጋር እናገናኘው። በላኩልኝ ሳምንት 400 ቁርስ ወጥቷል። እንቁላል ፍርፍር 140፣ ፉል 110፣ ፍርፍር 70፣ ፈጢራ 30፣ ጨጨብሳ 28፣ ቅንጬ 22። ቀሪው ሁሉ ሲደመር 41,570 ብር ነው። ለ400 ሲካፈል በአማካይ ከአንድ ሰሃን 104 ብር ገደማ ይተርፍዎታል።

ምግቦቹን ለመለየት የምጠቀመው አሠራር በ1982 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ካሳቫና እና ዶናልድ ስሚዝ ያወጡት ነው። ስለ እያንዳንዱ ምግብ ሁለት ነገር ይጠየቃል። ቀሪው ከአማካዩ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሰው ያዘዋል ወይስ አያዘውም? ለሁለተኛው መስፈርት አለው። ስድስት ምግብ 400 ትዕዛዝን እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 67 ገደማ ይደርሰዋል። የዚያን 70 በመቶ ያገኘ፣ ማለትም 47ን ያለፈ፣ ተወዳጅ ይባላል።

በዚህ ሲለካ የእርስዎ ቁርስ ይህን ይመስላል። ፉል ተወዳጅም ነው፣ ያተርፋልም። እንቁላል ፍርፍርና ፍርፍር ተወዳጅ ናቸው፣ ግን ትንሽ ነው የሚተዉልዎት። ጨጨብሳና ፈጢራ ደህና ያተርፋሉ፣ ግን የሚያዛቸው የለም። ቅንጬ ከአማካዩ በአንድ ብር ብቻ ስለሚበልጥ ለብቻው ይቁም። ብዙ ቦታ አይይዝም፣ ልጅ ይዘው የሚመጡና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ይፈልጉታል። ስሙን ብቻ ጽፈው ይተዉት።

ስለዚህ የምንገፋው ጨጨብሳን ነው ወይስ ፈጢራን? ቀሪያቸው በ5 ብር ነው የሚለያየው። እዚህ ላይ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመት በፊት ለገጣፎ ላይ ለአንድ ካፌ የቁርስ ሜኑ ጻፍኩ። ፈጢራውን አሳምሬ ገለጽኩት። ከዝርዝሩ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ሠራ። ቅዳሜ ጠዋት ፈጢራ በፈጢራ ሆነ። ግን ፈጢራ ሲታዘዝ ነው ሊጡ የሚዘረጋው፣ የሚታጠፈው፣ የሚጠበሰው። ማድ ቤት ውስጥ ያለው አንድ ምድጃ ነበር። ሰው 35 ደቂቃ ጠበቀ። ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ሳይበላ የሄደም ነበር። ባለቤቷ ደውላ ስትነግረኝ መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀሪ ነበር የቆጠርኩት። ያ ሰሃን ምድጃውን ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ አልጠየቅኩም።

የጨጨብሳ ቂጣ ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተጋግሮ ሊቀመጥ ይችላል። ትዕዛዝ ሲመጣ ተቆራርሶ በትኩስ ቅቤና በበርበሬ ይታሻል። አምስት ደቂቃ ነው። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ግርግር መካከል እንቁላሉን ሳያስቆም ይወጣል። ስለዚህ የምንገፋው ጨጨብሳን ነው። ፈጢራውን «ቅዳሜና እሁድ፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል» ብለው ይጻፉት። የሚጠብቅ ሰው ወድዶ ይጠብቃል።

ምን ያህል እንጠብቅ? በሳምንት እንቁላል ፍርፍር ከሚያዙት 140 ሰዎች 30ዎቹ ወደ ጨጨብሳ ቢዞሩ፣ ከእያንዳንዳቸው 55 ብር ይጨምራል። በሳምንት 1,650 ብር ነው። ከፉል የሚዞሩ ከሆነ ግን ጭማሪው 35 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናችን የእንቁላል ደንበኛው ላይ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ።

ሜኑዎ ላይ «ስፔሻል» የሚለው ቃል 11 ጊዜ አለ። ስፔሻል ፉል፣ ስፔሻል ጨጨብሳ፣ ስፔሻል ጁስ። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ያለ ካፌ ሁሉ ስፔሻል ነው። ቃሉ ሰው አእምሮ ውስጥ ምንም ምስል አይፈጥርም። አንባቢው የሚረዳው «ይሄኛው ውድ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ሁሉንም ያውጧቸው። «ጣፋጭ»፣ «ምርጥ»፣ «ልዩ» የሚሉትንም እንዲሁ። የራሱን ምግብ «ጣፋጭ» ያላለ የለም። ስለዚህ ማንም አያምነውም።

ሌላው ስህተት ሰው የሚያውቀውን ምግብ ለማስረዳት መሞከር ነው። ውጭ አገር የተጻፉ ሜኑዎችን አይቶ የሚኮርጅ ሰው እዚህ ይወድቃል። «ጨጨብሳ፦ ከቂጣ የሚሠራ ባህላዊ ቁርስ» ብሎ ይጽፋል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጨጨብሳ ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሰው ማወቅ የሚፈልገው የእርስዎ ቤት ጨጨብሳ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቅቤው ምን ዓይነት ነው? ማሩ አብሮ ይመጣል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ደርቆ ነው የሚቀርበው ወይስ ርሶ? 240 ብር ለመክፈል የሚያመነታ ሰው ውስጥ ያለው ጥያቄ እሱ ነው።

የአሠራር ዝርዝርና የሚቀመስ ነገር የያዘ ቃል ምርጫን እንደሚያዞር የተለካ ነገር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት አንድ ዓይነት አትክልት፣ አንድ ዓይነት አሠራር፣ ስሙን ብቻ እየቀያየሩ አቀረቡ። ስሙ ጣዕሙንና አሠራሩን በሚያስጎመጅ መንገድ የተጻፈ ቀን፣ እንዲሁ በተራ ስሙ ከቀረበበት ቀን ይልቅ 25 በመቶ የሚበልጥ ሰው አነሳው። «ለጤና ተስማሚ» የሚል ዓይነት ስም ግን ከተራው ስም የተሻለ አልሳበም። ይህን ልብ ይበሉ፤ ቅንጬው ሥር «ለጤና ተስማሚ» የሚል አይቻለሁና። ይደምስሱት።

ለጨጨብሳው የመጀመሪያ ሙከራዬ ይህ ነበር፦

«ከምጣድ እንደወረደ ትኩስ ቂጣ፣ በለጋ የሸኖ ቅቤና በበርበሬ የታሸ፣ ከንጹሕ የጫካ ማር ጋር»

ሲነበብ ደስ ይላል። ግን ቃል በቃል ማድ ቤት ወስደን እንፈትነው። «ከምጣድ እንደወረደ» ውሸት ነው። ቂጣው ሌሊት እንዲጋገር አሁን ተስማምተናል። «ለጋ ቅቤ»ም ስህተት ነው። ለጋ ማለት ያልተነጠረ፣ ትኩስ ቅቤ ነው። ጨጨብሳ የሚታሸው በንጥር ነው። ይህን የሚያውቁ እናት አንዴ ካነበቡት ሌላውንም አያምኑም። «የሸኖ» የሚለው ቅቤው በእውነት ከሸኖ የሚመጣልዎት ከሆነ ብቻ ይኖራል። ከመርካቶ ከየትም ይሁን የሚገዙ ከሆነ ይውጣ። የአትክልት ቅቤ የሚቀላቅሉ ከሆነ ደግሞ «ቅቤ» የሚለውንም ቃል መጻፍ የለብዎትም። «የጫካ ማር» ከየትኛው ጫካ? ነጋዴውን ጠይቀው ካላረጋገጡ ማር ብቻ ይበሉት። አሳሳች ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ከአዋጁ በፊት የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እርስዎ ጋ የሚመጣው ሰው የሰፈር ሰው ነው። ነገም ይመጣል። አንዴ ከተታለለ በኋላ የሚያነበውን ሁሉ ይጠራጠራል።

ከፈተናው የተረፈው ይህ ነው፦

ጨጨብሳ በማር
በእጅ የተቆራረሰ ቂጣ፣ በኮረሪማ በተነጠረ ትኩስ ቅቤና በበርበሬ የታሸ። ማሩ ከጎኑ። 240

«ከጎኑ» የሚለው ትንሽ ቃል ሥራ አለው። ማሩ በዋጋው ውስጥ እንደሆነ ይናገራል። ጣፋጭ የማይወድ ሰውም እንዳይሸሽ ያደርገዋል። «ኮረሪማ» የሚለውን ሲያነብ ሽታው አፍንጫው ላይ የማይመጣበት ሰው ያለ አይመስለኝም። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የታደለ ቋንቋ ነው። ሽሮ «እየተንተከተከ» ይቀርባል። ባቄላ «ሙክክ» ይላል። ጥብስ «ቸስ» ይላል። እነዚህ ቃላት ድምፅና ስሜት ይዘው ይመጣሉ። አንድ ገጽ ላይ ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይጠቀሙ። ሁሉም ምግብ ቸስ ካለ ሜኑው ይንጫጫል።

መግለጫ የሚጻፈው ለስንት ምግብ ነው? ከስድስቱ ለሁለቱ ብቻ። ለጨጨብሳና ለፉል። ሌሎቹ ስማቸውና ዋጋቸው ይበቃቸዋል። ለሁሉም መግለጫ ሲጻፍ ሰው አንዱንም አያነብም፤ ዓይኑ የለመደውን ስም ፈልጎ ያዛል። የለመደው ደግሞ እንቁላል ፍርፍር ነው። እንቁላሉን አይንቀፉት፣ ዋጋውን አይስቀሉት፣ ከሜኑም አያውጡት። ሰው ወደ እርስዎ የሚመጣው ለእሱ ብሎ ሊሆን ይችላል። ዝም ብለው መሃል ላይ ያስቀምጡት።

መሃል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የኤራን ዳያን እና የማያ ባር ሂለል ጥናት አለ። ከፊሉ የተሠራው ቴል አቪቭ ውስጥ በሚገኝ እውነተኛ ካፌ ነው። በአንድ ክፍል ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ምግብ፣ መሃል ላይ ከሚቀመጥበት ጊዜ ይልቅ እስከ እጥፍ ድረስ ታዘዘ። ዝርዝሩ አልተለወጠም፤ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው። የእርስዎ ሜኑ ላይ እንቁላል ፍርፍር አንደኛ ነው። ፍርፍር መጨረሻ ነው። ሁለቱን ምርጥ ቦታዎች ትንሹን ለሚያተርፉት ሰጥተዋቸዋል። ጨጨብሳው አራተኛ፣ በፈጢራና በቅንጬ መካከል ተደብቋል። ስለዚህ ጨጨብሳን አናት ላይ ያውጡት። ፉልን መጨረሻ ያድርጉት። ፉሉ እንዲህ ይጻፍ፦

ፉል
ሙክክ ብሎ የበሰለ ባቄላ፣ በቲማቲም፣ በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ። በትኩስ ዳቦ። 170

ዳቦው ትኩስ ካልሆነ «ትኩስ» ይውጣ።

ስለ ዋጋ አጻጻፍ አጭር ነገር። አሁን ዋጋዎቹ በስተቀኝ በአንድ ቀጥታ መስመር ተደርድረዋል፤ ከስሙ እስከ ዋጋው ነጠብጣብ አለ፤ «ብር 180.00» ይላል። ይህ አቀራረብ ሰውን ከላይ ወደ ታች ዋጋ እያወዳደረ እንዲያነብ ይጋብዘዋል። ምግቡን አያይም። ቁጥሩን ከመግለጫው መጨረሻ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ያለ ዜሮዎቹ ያስቀምጡት። «ብር» የሚለውን ማውጣትም ይቻላል። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባለ ምግብ ቤት ሲለኩ፣ ቁጥር ብቻ ያለበት ሜኑ የያዙ ሰዎች የዶላር ምልክት ወይም «ዶላር» የሚል ቃል ካለበት ሜኑ ከያዙት የበለጠ አወጡ። ግን ያ ረጋ ብሎ ምሳ የሚበላበት ቤት ነበር። ጠዋት ታክሲ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ላይ ያን ያህል ለውጥ አልጠብቅም። ለእርስዎ ደንበኛ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ይሁን። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትን አያካትትም» የሚል መስመር አይቻለሁ። 240 ያነበበ ሰው 276 ሲጠየቅ፣ የሚቀጥለው ቀን ወደ እንቁላሉ ይመለሳል። ወይ ወደ ጎረቤት ካፌ ይሻገራል። ቫቱን ዋጋው ውስጥ ያስገቡት። ጨጨብሳው 276 ብሎ ይጻፍ፤ ከፍ ካለብዎት 270 ያድርጉትና ቀሪውን እንደገና ያስሉ።

እስካሁን ሰው ሜኑ ያነባል ብለን ነው ያወራነው። እውነቱን ለመናገር እርስዎ አካባቢ ግማሹ አያነብም። ወንበሩን ስቦ እየተቀመጠ «ቁርስ ምን አለ?» ይላል። አስተናጋጇም «ሁሉም አለ» ትላለች። ያኔ «በቃ እንቁላል አምጪልኝ» ይላል። ሜኑው ያለቀው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ የጻፍነው መግለጫ አፍ ላይ የሚመች መሆን አለበት። ጮክ ብለው ያንብቡት። አንደበት የሚይዝ ከሆነ ይከርክሙት። አስተናጋጆቹ በወረቀቱ ቃል አይናገሩ፣ በራሳቸው ይበሉት፦ «ጨጨብሳ አለ፣ በንጥር ቅቤ የታሸ፣ ከማር ጋር። ፉልም አለ፣ እንቁላልም አለ።» ጨጨብሳ መጀመሪያ፣ ፉል ቀጥሎ። አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ሰሃን አቅርቡላቸውና ይብሉት። ቀምሶ የሚናገርና ሸምድዶ የሚናገር ሰው ድምፁ ይለያል።

ሌላው ነገር ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ያንን የቅቤ መግለጫ የሚያነበው ጿሚ ደንበኛ ቅር ይለዋል፣ አያዝምም። ለጾም ቀን በአንድ ወረቀት ጀርባ ሌላ ዝርዝር ያዘጋጁ። ፉል ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ፣ ፍርፍር፣ ጨጨብሳ በዘይት። የጾሙ ጨጨብሳ ቅቤ ስለሌለው ወጪው ይወርዳል። ወጪው ወደ 60 ዝቅ ቢልና 200 ቢሸጡት፣ ቀሪው 140 ነው። ከፍስኩ በ5 ብር ብቻ ነው የሚያንሰው። መግለጫው ግን የራሱ ይሁን፤ «ያለ ቅቤ» ብለው አይጀምሩ። የጎደለውን ሳይሆን ያለውን ይጻፉ፦ «በእጅ የተቆራረሰ ቂጣ፣ በበርበሬና በኮረሪማ ዘይት የታሸ።» ዘይቱን እርግጥ ኮረሪማ ጨምረው ያሙቁት፤ አለዚያ ቃሉ ይውጣ።

ጾሙ ለመለካትም ያስፈልገናል። አዲሱን ሜኑ ማተሚያ ቤት ወስደው 30 ቅጂ በላሚኔሽን ከማሳተምዎ በፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በአንድ ወረቀት አስወጥተው ይሞክሩት። ሁለት ሳምንት በአሮጌው፣ ሁለት ሳምንት በአዲሱ ይሽጡ። በየቀኑ ከካሸሩ ማሽን የእያንዳንዱን ቁርስ ብዛት ይመዝግቡ። ስታወዳድሩ ግን ረቡዕን ከረቡዕ፣ ቅዳሜን ከቅዳሜ ጋር ይሁን። ከሁለቱ የሙከራ ጊዜያት አንዱ ሁዳዴ ውስጥ፣ ሌላው ከፋሲካ በኋላ ከዋለ ቁጥሩ ምንም አይነግርዎትም። የወር ደመወዝ የሚወጣበትን ሰሞንም ያስቡ።

ቁጥሩን ሲያዩ የጨጨብሳው ብዛት መጨመሩ ብቻ አይበቃም። ከማን ላይ እንደመጣ ይዩ። እንቁላሉ ከቀነሰ ጥሩ ነው። ፉሉ ከቀነሰና እንቁላሉ እንዳለ ከሆነ፣ ለ35 ብር ብቻ ነው የደከምነው። የዚያን ጊዜ የፉሉ መግለጫ ደክሟል ማለት ነው። ጨጨብሳው በመጀመሪያው ሳምንት ዘሎ በሁለተኛው ከወደቀ ደግሞ ችግሩ ቃላቱ አይደሉም። ሰው በመግለጫው አምኖ አዘዘ፣ ቀመሰ፣ አልደገመም። ያኔ የሚመለሱትን ሰሃኖች ይዩ። ቂጣ ተርፎ የሚመለስ ከሆነ ወይ ደርቋል፣ ወይ ሰሃኑ ለአንድ ሰው በዝቷል። ማሩ ሳይነካ የሚመለስ ከሆነ 30 ብርዎን እየደፉት ነው፤ መጠኑን ይቀንሱት።

በመጨረሻ ቅቤው። ከላይ ያስላሁት ለአንድ ሰሃን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይዤ ነው። ማድ ቤት የሚለካ ማንኪያ ይኑር፤ በዓይን ግምት አይሁን። ለፋሲካ ወይ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ቅቤ ተወድዶ የ40ው ድርሻ 55 ቢገባ፣ ማሩም 40 ቢሆን፣ የሰሃኑ ወጪ 120 ይደርሳል። ቀሪውም 120 ይሆናል፤ አሁንም ከፉል ይሻላል። ግን ወጥ ሠሪዋ እጇ ለጋስ ሆኖ ሦስተኛ ማንኪያ ካከለችበት፣ ቅቤው ብቻ 82 ብር ያልፋል፣ ቀሪው ወደ 92 ይወርዳል። ያኔ አናት ላይ ያወጡት ምግብ ከእንቁላል ፍርፍሩ በሁለት ብር ብቻ የሚበልጥ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ቅቤው እስኪረክስ ድረስ ፉልን ወደ ላይ፣ ጨጨብሳን ወደ መሃል ያዙሩ። ሜኑውን በርካሽ ወረቀት ያስወጡ ያልኩዎት ለዚህም ጭምር ነው።